የማታውቀው ቃል ስንት ሲሆን ነው መጽሐፉ የሚቀየረው?

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? የምንኖረው ድሬ ሳቢያን ነው። እህቴ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነባት። ደረጃ የወጣላቸው የእንግሊዝኛ ታሪክ መጽሐፎች ከሰው ተውሼ ከ3ኛው ደረጃ አንዱን ሰጠኋት። አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ ሳምንት ይፈጅባታል፤ በየመስመሩ ሞባይሏ ላይ መዝገበ ቃላት ትከፍታለች። አስተማሪዋ «በአንድ ገጽ የማታውቂው ከአምስት ቃል ካልበለጠ ቀጥይ» ብሏታል። ሌላ የማውቀው ሰው ደግሞ ቃል የሚለመደው ከበድ ባለ መጽሐፍ ነው ይላል። ቁርጡን ንገሩኝ፤ የማታውቀው ቃል ስንት ሲደርስ ነው መጽሐፉን መቀየር ያለብኝ?

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። ብቻዋን፣ መዝገበ ቃላት ሳትከፍት እንድታነብ ከሆነ የምትፈልገው ከ50 ቃል የማታውቀው አንድ ገደማ የሆነበትን መጽሐፍ ነው። ከ20 ቃል አንድ ከሆነ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያግዛት ሰው ያስፈልጋል። ከ10 ቃል አንድ ላይ ከተደረሰ ግን ይህ ንባብ መሆኑ ቀርቶ ቃል መፍታት ሆኗል፤ ዛሬውኑ ቀይርላት። ከነገርከኝ ስነሳ እህትህ ያለችው እዚህ መጨረሻው ላይ ይመስለኛል። ሆኖም መገመት አያስፈልግህም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለክተህ ታውቀዋለህ።

መጀመሪያ ግን የአስተማሪዋን ምክር ላንሳ። የአምስት ጣት ደንብ ይሉታል። ልጁ አንድ ገጽ ያነባል፣ የማያውቀው ቃል በገጠመው ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋል፣ አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ከበደው ማለት ነው። ትንንሽ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያነቡት መጽሐፍ ሲመርጡ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ችግሩ «ገጽ» የሚባለው ነገር ቋሚ ልክ የሌለው መሆኑ ነው። ሥዕል በበዛበት በመጀመሪያው ደረጃ መጽሐፍ አንድ ገጽ 100 ቃል ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ እዚያ ላይ አምስት ቃል ማለት ከ20 አንድ ነው። የ3ኛው ደረጃ መጽሐፍ ገጽ 250 ቃል ቢይዝ ያው አምስት ቃል ከ50 አንድ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መጽሐፍ ገጽ 400 ቃል ቢኖረው ከ80 አንድ። ጣቱ ያው አምስት ነው፣ መለኪያው ግን በአራት እጥፍ ተለዋውጧል። ስለዚህ በገጽ አትቁጠር፤ በመቶ ቃል ቁጠር።

ከ10 አንድ እና ከ50 አንድ በቁጥር ሲነገሩ ልዩነታቸው ትንሽ ይመስላል። አንባቢው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ግን በራስህ ቋንቋ ቅመሰው። ቀጥሎ ያለው ታሪክ 50 ቃል ነው። አምስቱን ቦታዎች አማርኛ በሚመስሉ፣ እኔ በፈጠርኳቸው ትርጉም የለሽ ቃላት ተክቻቸዋለሁ፤ የምታውቀው 90 በመቶውን ነው ማለት ነው።

«ጫልቱ ጠዋት ተነስታ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደች። አጎቷ ከጅቡቲ ይመጣል ተብሎ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ብዙ ሰው ስለነበረ አጎቷን ማግኘት አልቻለችም። አንድ ድርፋኝ ጠጋ ብሎ ‹ማንን ነው የምትፈልጊው?› አላት። ስሙን ነገረችው። ድርፋኙም ባቡሩ መቀንፈሉንና ማታ እንደሚገባ ነገራት። ጫልቱ ተዘንብቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እናቷ ቡና አፍልታ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትደንፍራት ነበር።»

ያነጋገራት ሰው ማን ነው? ዘበኛ፣ ተሸካሚ፣ ወይስ ሌባ? ባቡሩ ምን ሆነ? ተሰበረ፣ ዘገየ፣ መንገድ ላይ ታገደ? ልጅቷስ ደስ ብሏት ተመለሰች ወይስ ተናዳ? እናቷ ቡናውን አፍልታ ትጠብቃት ነበር ወይስ ትረግማት? ከ50ው ቃል 45ቱን አሳምረህ ታውቃለህ፤ ሆኖም ታሪኩ የተንጠለጠለው ባላወቅካቸው ላይ ስለሆነ በእጅህ የቀረው ባቡር ጣቢያና ቡና ብቻ ነው። አሁን «ድርፋኝ»ን በዘበኛ፣ «መቀንፈሉን»ን በመዘግየቱ፣ «ትደንፍራት»ን በትጠብቃት መልሰህ አንብበውና «ተዘንብቃ» የሚለውን ብቻ ሳትነካው ተወው። አጎቷን ያላገኘች፣ ባቡሩ የዘገየባት ልጅ ወደ ቤቷ ስትመለስ ተናዳ ወይም አዝና መሆን አለበት፤ ማንም ሳይነግርህ ገመትከው፣ ንባብህም አልተቋረጠም። ከ50 አንድ የሚባለው ይህ ነው። የማይታወቅ ቃል የሚገመተው በዙሪያው ያሉት ቃላት ሲታወቁ ነው፤ ጎረቤቱም ካልታወቀ ግምቱ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ለእህትህ ደግሞ ከዚህም ይከብዳታል። አማርኛችን ቃሉን ባታውቀውም በቅጥያው ብዙ ይነግርሃል። «ተዘንብቃ» ሲል አድራጊዋ ሴት መሆኗንና ድርጊቱ ከመመለሷ ጋር መያያዙን ያለ ማንም እርዳታ ታያለህ። የእንግሊዝኛ ቃል ይህን ያህል አይናገርም። ስለዚህ በአማርኛ 90 በመቶ ላይ የተሰማህ ግራ መጋባት በእንግሊዝኛ ሲሆን የባሰ ነው ብለህ ውሰደው።

ይህ ከ50 አንድ የሚባለው ልክ ከየት መጣ? ሥራው የማርሴላ ሁ እና የፖል ኔሽን ነው፤ በ2000 ነው የታተመው። እኔ አሁን በአማርኛ እንዳደረግኩት እነሱም በአንድ የእንግሊዝኛ ታሪክ ውስጥ ብዙም የማይዘወተሩትን ቃላት ትርጉም በሌላቸው የፈጠራ ቃላት ተክተው፣ የሚታወቀው ቃል 80፣ 90፣ 95 እና 100 በመቶ የሆነባቸው አራት ቅጂዎች አዘጋጁና ለ66 የቋንቋው ተማሪዎች አከፋፈሉ። 80 በመቶ ላይ ታሪኩን በበቂ ሁኔታ የተረዳ አንድም አልተገኘም። 90 ላይ ጥቂቶች ቻሉ። 95 ላይ ቁጥራቸው ጨመረ፤ አብዛኞቹ ግን አሁንም አልደረሱበትም። ከዚህ ተነስተው ብዙው ሰው ያለ እርዳታ እንዲረዳ 98 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል አሉ። ልብ በል፣ 98 በመቶ የሆነ ቅጂ ማንም አላነበበም፤ ቁጥሩ ከሌሎቹ ውጤቶች በስሌት የተገኘ ነው። የተፈተነውም አንድ ታሪክ ነው። በ2011 እነ ኖርበርት ሽሚት በ8 አገሮች 661 አንባቢዎችን ሲፈትኑ፣ የሚታወቀው ቃል በጨመረ ቁጥር መረዳቱም ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አንድ ቦታ ላይ ድንገት የሚከፈት በር አላገኙም። ስለዚህ 97 ሆነ ብለህ መጽሐፉን ከእጇ አትንጠቅ። 98 ምልክት ነው፤ ወደዚያ መጠጋት ይበቃል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሐረር ላይ ያየኋትን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልጥቀስልህ፤ ሁኔታዋ ከእህትህ ጋር ይመሳሰላል። በእጇ የነበረው የኦክስፎርድ ቡክዎርምስ 3ኛ ደረጃ ነው። በዚያ ተከታታይ 1ኛው ደረጃ የተሠራው በ400 መነሻ ቃላት፣ 2ኛው በ700፣ 3ኛው በ1000 ነው፤ ከ1ኛው በታችም 250 ቃል ያለው የጀማሪዎች ደረጃ አለ። መነሻ ቃል ሲባል «ሄደ» ከተቆጠረ «ይሄዳል» እና «ሲሄድ» አብረው ይገባሉ ማለት ነው። በነገራችን ላይ የደረጃ ቁጥሩን ከሌላ አሳታሚ ቁጥር ጋር አታስተካክል፤ የአንዱ 3ኛ ደረጃ ከሌላው 3ኛ ደረጃ በብዙ መቶ ቃላት ሊለይ ይችላል። ከሽፋኑ ጀርባ የተጻፈውን የቃላት ብዛት ነው ማየት ያለብህ።

መጽሐፉን ሩብ ላይ፣ እኩሌታው ላይ እና ሦስት ሩብ ላይ ከፈትን። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዘለልናቸው፤ የሰውና የቦታ ስም፣ የዘመን መግለጫ የሚታጨቀው እዚያ ስለሆነ መላውን መጽሐፍ አይወክሉም። በየቦታው 100 ቃል ቆጥረን በእርሳስ ወሰን አበጀንና የማታውቀውን እንድታሰምርበት ነገርኳት። የሰውና የከተማ ስም እንደማታውቀው አይቆጠርም። አንድ የማታውቀው ቃል ሦስት ጊዜ ከመጣ ግን ሦስት ተብሎ ይቆጠራል፤ ዓይኗ ሦስቴ ተሰናክሏልና። ውጤቱ 9፣ 12 እና 8 ሆነ፤ ከ300 ቃል 29። ከ10 አንድ ማለት ነው። ከ2ኛው ደረጃ በወሰድነው መጽሐፍ 5፣ 4 እና 6 ወጣ፤ ከ300 ቃል 15፣ ማለትም ከ20 አንድ። ከ1ኛው ደረጃ 1፣ 3 እና 2፤ ከ300 ቃል 6፣ ማለትም ከ50 አንድ። ሦስት ደረጃ፣ ሦስቱም የነገርኩህ ወሰኖች። እንዲህ ልክ ብሎ መውጣቱ ሁልጊዜ አይደለም፤ የአንተዋ በመካከል ብትወድቅ አይግረምህ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ሥራ አለ። ተማሪ የማያውቀውን ብቻ ሳይሆን የሚያውቅ የመሰለውንም ሳያሰምር ያልፋል። ስለዚህ ካላሰመረችባቸው ውስጥ አሥር ያህሉን መርጠህ «ይሄ እዚህ ጋ ምን ማለት ነው?» ብለህ በአማርኛ ጠይቃት። የሐረሯ ልጅ «ሉክ አፍተር» የሚለውን አላሰመረችበትም፤ «ሉክ»ንም «አፍተር»ንም ለየብቻ ታውቃቸዋለችና። «ከኋላው አየችው» ብላ ተረጎመችው፤ የታሪኩ ሰው ግን አያቷን ትንከባከብ ነበር። እንዲህ ያሉ ሁለት ቃላት ተገኙና 6 የነበረው 8 ሆነ፤ ከ300ው የምታውቀው ወደ 97 በመቶ ወረደ። ያም ሆኖ መጽሐፉን አልቀየርነውም፤ ቀድሜ ያልኩት «ምልክት ነው» ማለት ይህ ነው። የተደበቁት ስድስት ሰባት ቢሆኑ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ እንል ነበር።

ቆጠራው ያላሳየህን ሁለት ነገሮች ያሳዩሃል። አንደኛው ፍጥነት ነው። ሰዓት ይዘህ አንድ ደቂቃ በልቧ ታንብብና የደረሰችበትን ቁጠር። የሐረሯ ልጅ በ3ኛው ደረጃ 40 ቃል ላይ ነበር የቆመችው፤ በዚህ ፍጥነት ረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ሲደረስ መጀመሪያው ይረሳል። በ1ኛው ደረጃ 95 ደረሰች። ወደ መቶ የተጠጋ ፍጥነት ለጀማሪ ይበቃል፤ ከ60 በታች ከሆነ ቃላቱ ቢታወቁ እንኳ መጽሐፉ ከብዷታል። ሁለተኛው ደግሞ ምዕራፉን ስትጨርስ በአማርኛ እንድትተርክልህ ማድረግ ነው። «ማን ምን ፈለገ? ምን ከለከለው?» ብለህ ጠይቃት። ያነበበች ልጅ ሰዎቹን እያነሳች ታወራሃለች፤ ቃል ስትፈታ የቆየች ልጅ ግን የፈታቻቸውን ቃላት ትዘረዝርልሃለች እንጂ ታሪክ የላትም።

እህትህ አንድ ምዕራፍ ሳምንት ለምን እንደፈጀባት አሁን ማስላት ትችላለህ። የዚህ ተከታታይ 3ኛ ደረጃ መጽሐፍ ወደ 10,000 ቃል ገደማ አለው። ከ10 አንድ ካላወቀች 1,000 ጊዜ ትቆማለች። ሞባይል ከፍቶ፣ ጽፎ፣ ከተሰጡት ትርጉሞች አንዱን መርጦ ወደ መስመሩ ለመመለስ ግማሽ ደቂቃ ብትሰጣት ፍለጋው ብቻ ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። የ1ኛ ደረጃ መጽሐፍ ደግሞ ከ5,000 እስከ 6,000 ቃል ነው፤ ከ50 አንድ ከሆነ የምትሰናከለው መቶ ጊዜ ያህል ነው፣ አብዛኛውንም ገምታ ታልፈዋለች። በደቂቃ 95 ቃል የምታነብ ከሆነ አንድ ሰዓት ይበቃታል። የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ በሁለት ምሽት አንድ መጽሐፍ ዘጋች ማለት ነው።

ሰውየው «ቃል የሚለመደው ከበድ ባለ መጽሐፍ ነው» ያለህ ነገር ሐሳቡ ይገባኛል። በከባድ መጽሐፍ ውስጥ አዲስ ቃል ይበዛል። ግን ቃል አንዴ በማየት አይያዝም። ዋሪንግ እና ታካኪ ጃፓን ውስጥ 15 ተማሪዎችን በ400 ቃል ደረጃ የተጻፈ ታሪክ አስነበቡ፤ በታሪኩ ውስጥ 25 ቃላት በፈጠራ ቃላት ተተክተው ነበር። ወዲያው ሲጠየቁ ትርጉሙን መናገር የቻሉት በአማካይ ከአምስት ያነሱትን ነው። ከሦስት ወር በኋላ የቀረው አንድ ቃል እንኳ አይሞላም ነበር። ይህ የወጣው በ2003 ነው፤ ብዙዎች ሰፊ ንባብ አይጠቅምም ለማለት ይጠቅሱታል። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። አንድ መጽሐፍ አንብቦ ማቆም ዋጋ የለውም፤ ቃሉ እስኪደጋገም ድረስ በዚያው ደረጃ ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላም መጨመር አለበት። ኔሽን እና ዋንግ በ1999 ደረጃ በወጣላቸው መጽሐፎች ውስጥ ቃላት በየስንት ጊዜው እንደሚመለሱ ቆጥረው የሰጡት ምክርም ይኸው ነው፤ በየደረጃው አምስት መጽሐፍ ያህል፣ በሳምንት አንድ ያህል። ሳምንት በአንድ ምዕራፍ ላይ የሚፈጅ ሰው ይህን ድግግሞሽ በዓመት አይደርስበትም።

ስለ መዝገበ ቃላቱ ብዙ አልልህም። በንባብ ሰዓት ሞባይሉ ሌላ ክፍል ይሁን። ቃሉን ትዝለለው፤ ያው ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ታስምርበት፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ያሰመረችባቸውን ብቻ ትፈልግ። ሦስት አራት ቃል ቢሆኑ ነው፤ እነሱም ታሪኩ ራሱ የመረጣቸው ስለሆኑ ልፋቱ አይባክንም።

ስለዚህ በተግባር እንዲህ አድርግ። የያዝከውን 3ኛ ደረጃ አስቀምጠው፣ 1ኛ ደረጃ ተዋስላትና ለካ። አምስት ያህል መጽሐፍ ካነበበች በኋላ ከ2ኛው ደረጃ እንደገና 300 ቃል ቁጠር፤ ያላወቀችው ከ8 ወይም 9 ካልበለጠ ትሻገር። 12 ከሆነ ሁለት መጽሐፍ ጨምርላት። የ2ኛ ደረጃ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ ያገኘኸው ከ20 አንድም ቢሆን መጣል አያስፈልግም፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንተ አንብብላት፣ የሚደጋገሙትን ቃላት ነግረሃት ሁለተኛውን ትቀጥል። ስሞቹና ዋናዎቹ የታሪኩ ቃላት ከታወቁ በኋላ ያው መጽሐፍ በመካከሉ ሲለካ ቀለል ብሎ ታገኘዋለህ። 9ኛ ክፍል ሆና ሥዕል ያለበት ቀጭን መጽሐፍ መያዝ ካሳፈራት ደግሞ ለትልልቅ ሰዎች የተጻፉትን የግድያና የምርመራ ታሪኮች ፈልግላት፤ በ400 ቃል የተጻፉም አሉ።

የትምህርት ቤቱን የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መጽሐፍ ግን በዚህ መለኪያ አትመዝነው። እዚያ ከ10 አንድ ወይም ከዚያ በላይ የማይታወቅ ቃል ቢገኝ የሚጠበቅ ነው፤ ምርጫም የላትም፣ ፈተናው ከዚያ ይመጣል። እሱ ጥልቅ ንባብ ነው፤ አንድ አንቀጽ፣ መዝገበ ቃላት ተከፍቶ፣ ደብተር ላይ እየተጻፈ፣ አስተማሪ እየተጠየቀ። ሁለቱን በአንድ ሰዓት አታደባልቅባት። የባዮሎጂው አንቀጽ ከሰዓት በኋላ በጠረጴዛ ላይ፣ ታሪኩ ማታ ከእራት በኋላ ጋደም ብላ። ታሪኩን ስታነብ እርሳስና ደብተር ይዛ ካየሃት መጽሐፉ አሁንም ከብዷታል ማለት ነውና መልሰህ ለካላት።